አዲስ አበባ ለተዛወራችሁ ባልደረቦቼ፦ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ታክሲውን እዩት

እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደህና መጣችሁ። ከደሴም፣ ከባህር ዳርም፣ ከሀዋሳም፣ ከጅማም ወደ ዋናው መስሪያ ቤት የተዛወራችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁም ልበላችሁ። ለአዲስ ገቢዎች ንግግር አድርጊ ስባል ስለ መስሪያ ቤቱ የሚያወሩ ብዙ አለቆች ስላሉ እኔ ስለ ቤትና ስለ ታክሲ ላውራ ብዬ ነው የተነሳሁት፣ ምክንያቱም በ2014 ከደሴ ተዛውሬ ስመጣ ስራው አልከበደኝም፣ የከበደኝ ማደሪያና መንገድ ነው። አዳራሽ ውስጥ ጊዜ ስላልበቃኝ ያልኩትንም ያላልኩትንም ሰፋ አድርጌ ጻፍኩላችሁ፣ ቤተሰብ ያላችሁ ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።

ደሴ እያለሁ ቤት ሲባል የማስበው ክፍሉን፣ ግቢውን፣ አከራዩን ነበር። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ሸዋ በር፣ ባጃጅ ይዞ መሄድ ነው፣ መንገዱን ማን ይቆጥረዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ስገባም የመጀመሪያው ጥያቄዬ "ኪራዩ ስንት ነው" ነበር። ደላላው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ አሳየኝ፣ ቤቱ ንጹህ፣ ብርሃን ያለው፣ ዋጋውም ካየኋቸው ሁሉ ዝቅ ያለ። ያየሁት ደግሞ እሁድ ከሰዓት ነው፣ መንገዱ ጭር ብሎ። "መገናኛ ድረስ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ አንድ ታክሲ፣ አለቀ" አለኝ ደላላው፣ ውሸት አልነገረኝም፣ እውነት ሁለት ታክሲ ነው። ግን ሰኞ ጠዋት ያለው መንገድ እሁድ ከሰዓት ያየሁት አይደለም። ከአባዶ በጣፎ፣ በካራ፣ በኮተቤ አድርጎ መገናኛ እስኪደርስ መኪናው ይሳባል፣ መገናኛ ላይ ደግሞ ወደ ሜክሲኮ ለመሳፈር እንደገና ሰልፍ አለ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጨለማ፣ ማታ ስገባ ጨለማ። በዚያ ላይ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ስላስከፈለኝ ቢመረኝም ወዲያው መልቀቅ አልቻልኩም።

እዚያ ከርሜ የገባኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ነው ዛሬ ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው። የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሰፈር ሲያወራ አድምጡት፣ "አንድ ታክሲ ነው" ወይም "ሁለት ታክሲ ነው" ይላል እንጂ ኪሎሜትር አይቆጥርም። ይሄ አነጋገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከተማው ውስጥ ጊዜያችሁን የሚበላው የመኪናው ጉዞ ብቻ ሳይሆን መሳፈሪያው ላይ ቆሞ መጠበቁ ነው፣ አንድ ታክሲ ማለት አንድ ሰልፍ፣ ሁለት ታክሲ ማለት ሁለት ሰልፍ፣ እሱም በቀን ሁለቴ። ስለዚህ መጀመሪያ ከመስሪያ ቤታችን፣ ማለትም ከሜክሲኮ፣ በቀጥታ የሚሳፈሩባቸውን መስመሮች እወቁ፣ ከዛ ቤት የምትፈልጉት በነዚያ መስመሮች ላይ ይሁን።

ከሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ታክሲ የሚደረስባቸው ብዙ ናቸው፣ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። በሳር ቤት፣ በመካኒሳ አድርጎ ወደ ጀሞ የሚሄደው አለ፣ እኔ አሁን የምኖረው በዚህ መስመር ላይ ነው። በጦር ኃይሎች በኩል ወደ አየር ጤና የሚሄድ አለ። በቄራ ወደ ጎፋ አለ። ከዛ ባቡሩ አለላችሁ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ስራ የጀመረ ሲሆን ሁለት መስመር አለው፣ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ፣ ሁለቱም ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መሀል ላይ በአንድ ሀዲድ ስለሚሄዱ ሜክሲኮ ጣቢያ ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ይሄ ለኛ ትልቅ እድል ነው፣ ሲኤምሲ ወይም አያት የሚኖር ሰው መኪና ሳይቀይር ሜክሲኮ ይወርዳል፣ ሳሪስ የሚኖርም እንደዛው። ብቻ ስትመለሱ የመጣውን ሁሉ ዘላችሁ አትግቡ፣ ወዴት እንደሚሄድ አንብቡ ወይም ጠይቁ፣ አያት ልሄድ ብሎ ሳሪስ የተገኘ ባልደረባ አለን። ባቡሩ ርካሽ ነው፣ የመኪና መጨናነቅም አይነካውም፣ ነገር ግን በመግቢያና መውጫ ሰዓት ሰው ይሞላል፣ አንዳንዴም ረጅም ያስጠብቃል፣ ስለዚህ ባቡር አለ ብላችሁ ብቻ ቤት አትያዙ፣ እዛው ሰፈር ታክሲም መኖሩን እዩ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ ምክንያቱም "ርካሽ ቤት" የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። ኪራዩም ታሪፉም ስለሚቀያየር ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ያዙልኝ፣ የራሳችሁን አስገቡበት። አባዶ ያለው ቤት 8,000 ብር ነው እንበል፣ ጀሞ ያለው ተመሳሳይ ቤት 11,000። ልዩነቱ 3,000 ብር ነው፣ ለአዲስ ገቢ ብዙ ነው። አንድ የታክሲ ጉዞ 20 ብር ብንል ከአባዶ ሁለት ታክሲ መሄጃ ሁለት ታክሲ መመለሻ በቀን 80 ብር፣ በ22 የስራ ቀን 1,760 ብር። ከጀሞ ግማሹ ነው፣ 880 ብር። እስከዚህ ድረስ አባዶ አሁንም ይረክሳል። ልዩነቱ የሚመጣው ማታ ነው። ዝናብ ሲጥል፣ ስራ ሲያመሽ፣ ሰልፉ ሲረዝም ሰው ይደክመውና በስልክ የሚጠራውን መኪና፣ ራይድም ፈረስም ይሁን፣ ይጠራል። ከአባዶ ይሄ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነብኝ፣ ለአንዱ 500 ብር ብንል በወር 4,000 ነው። ከጀሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ 300 ብር ብንል 1,200። ደምሩት፦ አባዶ 13,760 ብር፣ ጀሞ 13,080 ብር። ርካሹ ቤት በ680 ብር ተወደደ ማለት ነው፣ የመንገዱን ድካም ገና ሳንቆጥር።

ይሄ ሂሳብ ለሁሉም አንድ አይነት አይወጣም ደግሞ። በጊዜ የሚወጣ፣ ሰልፉን ችሎ የሚቆም፣ መኪና ፈጽሞ የማይጠራ ሰው ከሆናችሁ አባዶ 9,760፣ ጀሞ 11,880 ይመጣል፣ ያኔ አባዶ ያዋጣችኋል። ባለቤቱ መገናኛ አካባቢ የሚሰራ ሰው ከሆነም ነገሩ ይቀየራል፣ ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሰሩ ከሆነ የሁለቱን ጉዞ ነው መደመር። የትዳር አጋራችሁ የመንግስት ሰራተኛ ከሆነ ደግሞ ፐብሊክ ሰርቪስ የሚባለው አውቶቡስ የት ቦታ እንደሚያቆም አጣሩ፣ የመንግስት ሰራተኛ መታወቂያ አሳይቶ በነጻ ይሄዳል፣ ለቤተሰብ ወጪ ትልቅ እፎይታ ነው። የኛ መስሪያ ቤት የግል ስለሆነ እኛን አያካትተንም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ቤቱን ወዳችሁታል እንበል። ለደላላው "እደውልልሀለሁ" በሉትና በስራ ቀን፣ ሰኞ ቢሆን ይመረጣል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዛ ሰፈር ያለው መሳፈሪያ ላይ ቁሙ። ሰልፍ አለ ወይ፣ ስንት መኪና በስንት ደቂቃ ይመጣል፣ ባዶ ነው የሚመጣው ወይስ ሞልቶ ያልፋችኋል? ከዛ እዛው ተሳፍራችሁ መስሪያ ቤት ድረስ ኑ፣ ሰዓት ያዙ። ማታም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ወደዛው ሰፈር ተመለሱ። ይሄ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ደላላውም "ቤቱ ይወሰድብሻል እህቴ" ብሎ ያስቸኩላል፣ ሌላ ቤት ይገኛል፣ የታሰረ ብር ግን አይገኝም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሳምንት ውል አትፈርሙ የምለው፣ ዘመድ ጋ፣ ፔንሲዮን፣ ወይም ከባልደረባ ጋር ተዳብላችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ከተማው እስኪገባችሁ።

የአባዶው የስድስት ወር ሲያልቅ ወደ ጀሞ መጣሁ። ታክሲው አንድ ሆነ፣ እፎይ አልኩ። አራተኛ ፎቅ ነበር፣ ሊፍት የለውም፣ እሱ አላስጨነቀኝም፣ ከፍ ያለ ቤት አየር አለው ብዬ። ቤቱን ሳይ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ውሃ ወረደ። የገባሁ ሳምንት ቆመ። እዛ ብሎክ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የሚመጣውም ሌሊት፣ ሲመጣም ግፊቱ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ላይ ያልቃል። እኔ ያየሁ ቀን የወረደው የቀድሞዋ ተከራይ በባልዲ ሞልታ ያስቀመጠችው የሮቶ ውሃ ነው። ከዛ በኋላ ኑሮዬ ጀሪካን ሆነ፣ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ፣ አንዳንዴ ራሴ፣ አንዳንዴ በአንድ ጀሪካን እየከፈልኩ አሸክሜ። ወገቤን ያመመኝ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ይሄን እንዴት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ደረጃውን ስትወጡ በየበሩ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል። በረንዳ ላይ ሮቶ አለ ወይ፣ ካለ ስንት ሊትር ነው፣ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አለ ወይ? ከሁሉም የሚሻለው ግን ጎረቤት መጠየቅ ነው። አከራይም ደላላም "ውሃ ችግር የለም" ነው የሚላችሁ። ላይ ያለውን ፎቅ በር አንኳኩና ሰላምታ ሰጥታችሁ "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት? እዚህ ድረስ ይወጣል?" በሏቸው፣ ሰው አይደብቃችሁም፣ እንዲያውም ሌላም ሌላም ይነግሯችኋል፣ መብራቱን፣ ጥበቃውን፣ የአከራዩን ጸባይ። ለሁለተኛው የጀሞ ቤቴ ይሄን አድርጌ ነው የገባሁት፣ አንደኛ ፎቅ፣ ሮቶ ያለው፣ ከቀድሞው ቤት ትንሽ ራቅ ያለ ብሎክ። ሰፈር አልቀየርኩም፣ ታክሲ አልቀየርኩም፣ ፎቅ ብቻ ነው የቀየርኩት፣ ኑሮዬ ግን ተቀየረ።

ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለምትይዙ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ ለብቻ? የጋራ ከሆነ ክፍያው በሰው ቁጥር ነው በቤት? ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል? መጸዳጃው ለስንት ቤት ነው? በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? የመጨረሻዋን ቀላል አድርጋችሁ አትዩዋት፣ የኛ ስራ የወር መጨረሻ ላይ ያመሻል፣ በር በሁለት ሰዓት የሚዘጋበት ግቢ የገባች ባልደረባችን በየወሩ ከአከራይዋ ጋር ትጣላ ነበር። ቆጣሪው ለብቻ ከሆነም ባለ ካርድ ነው ወይስ በወር የሚከፈል እንደሆነ እዩ፣ በወር የሚከፈል ከሆነ ውዝፍ እዳ አለመኖሩን የመጨረሻውን የክፍያ ደረሰኝ አይታችሁ ግቡ። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው መብራት እናንተ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ወደ ውሉ ልምጣ። እኔ በ2014 ስገባ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈይ ሲባል ምን ማለት እችላለሁ፣ ሁሉም ይጠይቃል። ቤቱ ውስጥ ጥቂት ወር ከቆየሁ በኋላ አከራዩ ደውሎ "ከሚቀጥለው ክፍያ ጀምሮ ጨምሪ፣ ካልሆነ ልቀቂ" አለኝ፣ ውላችን አንድ ገጽ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ስለነበር የምይዘው ነገር አልነበረኝም። እናንተ የመጣችሁት ከዚህ በተሻለ ጊዜ ነው። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ዋና ዋናውን በቃላችሁ ያዙት፦ ውሉ በጽሁፍ መሆን አለበት፣ የሚያንሰው የውል ዘመን ሁለት አመት ነው፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፣ ጭማሪ የሚደረገው አከራዩ ሲያሻው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በአመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ነው፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፣ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚመዘገበው ቤቱ ባለበት ወረዳ ነው።

ህጉ አለ ማለት ግን ሁሉም አከራይ ይከተለዋል ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። አንዱ "ስድስት ወር ክፈሉ፣ ውሉ ላይ ሁለት ወር እንጽፋለን" የሚል ነው። ሌላው በጣም የተለመደው "ውሉ ላይ ስድስት ሺህ ይጻፍ፣ ለኔ የምትከፍሉኝ ግን አስራ አንድ ሺህ ነው" የሚል ነው፣ የኪራይ ግብር እንዳይበዛባቸው። በሰላም የኖሩ አሉ፣ አልክድም። ነገር ግን የተጻፈው ስድስት ሺህ ከሆነ የቀረውን አምስት ሺህ የከፈላችሁበት ምንም ማስረጃ የለም፣ አለመግባባት ሲመጣ ወረዳውም ፍርድ ቤቱም የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ ለልጅ ትምህርት ቤትም ለብድርም የገቢና ወጪ ማስረጃ ሲጠየቅ አይገጥምም። የኔ ምክር ትክክለኛው ብር ይጻፍ ነው፣ እምቢ ካሉ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ። ለማግባባት ግን ንግግር አለው፤ እኔ አሁን ያለሁበትን ቤት ያከራዩኝን እትዬ "እኔ ደሞዜ በባንክ ነው የሚገባው፣ ኪራዩንም በየወሩ በባንክ ነው የማስተላልፈው፣ አንድ ቀን አላሳልፍብዎትም" ስላቸው ደስ ብሏቸው ነው የፈረሙት። ብዙ አከራይ የሚፈራው የማይከፍል ተከራይ ነው፣ የስራ ደብዳቤ ያለው ሰው ሲያዩ ይለሰልሳሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚያከራያችሁ ሰው በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን እዩ። ኮንዶሚኒየም ላይ በተለይ፣ ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው ለሌላ አከራይቶ ብሩን ይዞ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃና መታወቂያውን አንድ ላይ እዩ፣ ስሙ ይመሳሰል። በውክልና ነው የማከራየው ካለ የውክልናውን ወረቀት ያሳይ፣ ማከራየት የሚለው ቃል ውስጡ ይኑር። ከዛ የብሎኩን ኮሚቴ ወይም ጥበቃውን "ይሄ ቤት የማን ነው" በሉት፣ ጥበቃ የማያውቀው ነገር የለም። በነገራችን ላይ ኮንዶሚኒየም ላይ ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ የሚከፈል አለ፣ እሱን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። ቤቱ ለኮሪደር ልማት ይነሳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፣ በተለይ ዋና መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ግቢ ከሆነ፤ ካዛንቺስ ቤት ይዘው የነበሩ ባልደረቦቻችን ተነሱ ተብለዋል፣ ባለቤቶቹ ምትክ ሲፈልጉ ተከራዩ ግን በራሱ ነው ቤት የሚፈልገው።

ስለ ደላላ አንድ ነገር። ያለ ደላላ ቤት ማግኘት ይቻላል፣ በባልደረባ፣ በጥበቃ፣ በሰፈር ሱቅ በኩል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ስንት ነው፣ ማን ነው የሚከፍለው፣ መቼ? ውል ከተፈረመና ቁልፍ ከተረከባችሁ በኋላ ነው የሚከፈለው፣ "ለማሳያ" ተብሎ ቀድሞ የሚጠየቅ ብር አትስጡ። ቴሌግራም ላይ ቆንጆ ፎቶ ለጥፎ "ብዙ ሰው ይፈልገዋል፣ ቀብድ በቴሌብር ላኪና ልያዝልሽ" የሚል ካለ ዝጉት። በአካል ሳታዩ፣ ባለቤቱን ሳታገኙ አንድ ብር አትላኩ።

አሁን ታክሲ አያያዝን ልንገራችሁ፣ ለመጀመሪያው ወር ይጠቅማችኋል። ሚኒባሶቹ ሰማያዊና ነጭ ናቸው፣ የሚሄዱበት መስመር ታፔላ ላይ ይጻፋል፣ ረዳቱም ይጣራል። ታፔላውና የረዳቱ ጥሪ ካልተስማሙ ጠይቁ። ማታ ላይ በጣም የሚያናድደው ማቆራረጥ የሚባለው ነው፣ ሜክሲኮ ላይ "ጀሞ" መባል ሲገባው "ሳር ቤት! ሳር ቤት!" ይላል፣ ሳር ቤት ያወርዳችኋል፣ ከዛ እንደገና "ጀሞ" ብሎ ያንኑ ሰው ይጭናል፣ ሁለቴ ከፈላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት "ጀሞ ድረስ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አብረዋችሁ የሚጠብቁት ሰዎችም አንድ ላይ ከጠየቁ ረዳቱ ይቀበላል። ታሪፉ በርቀት የተወሰነ ነው፣ የሰፈራችሁን ታሪፍ ከጎረቤት ጠይቃችሁ እወቁ፣ ዝርዝር ብር ያዙ። መውረጃችሁ ሲደርስ "ወራጅ አለ" በሉ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ማፈር አያስፈልግም። አዲስ ሰፈር ላይ ስትሆኑ ቁጭ ስትሉ ረዳቱን "እዚህ ጋ ስንደርስ ንገረኝ" ብትሉት አብዛኞቹ ይነግሯችኋል።

ሚኒባስ ብቻ አትጠብቁ። ወደ ጀሞ አውቶቡስም አለ፣ ሀይገርም አለ፣ አውቶቡስ ቀስ ይላል ግን ርካሽ ነው፣ መንገዱን ሁሉ ሳያቆራርጥ ይወስዳችኋል። ከስራ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስንወጣ ሰልፉ ከሁሉም የረዘመበት ሰዓት ነው፣ እኔ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ቢሮ ቁጭ ብዬ የነገ ስራዬን አዘጋጅቼ ነው የምወጣው፣ ቤት የምደርሰው ከሰልፈኞቹ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ሳልቆም። ከዛ በላይ ማምሸት ግን አልመክርም፣ ታክሲው እየሳሳ ይሄዳል፣ ለሴቶች በተለይ። ካመሻችሁ በስልክ የሚጠራ መኪና ጥሩ፣ የመኪናውን ታርጋ ስልካችሁ ላይ ከሚታየው ጋር አመሳክሩና ለቤት ሰው ላኩ፣ አንድ ሰፈር የምትሄዱ ካላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ክፈሉ። የጀሞ ልጆች እንደዚህ እናደርጋለን፣ የሚፈልግ ይቀላቀለን።

ስልካችሁን ሜክሲኮና መገናኛ ሰልፍ ላይ የኋላ ኪስ ውስጥ አታድርጉ፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩት። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ልክ በመውጫ ሰዓት ይመጣል፣ ታክሲውም ያጥራል፣ ጃንጥላና ሊረጥብ የሚችል ጫማ ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ። የኮሪደር ስራ ሲጀመር ደግሞ መሳፈሪያ ቦታዎች ይቀየራሉ፣ ትናንት የተሳፈራችሁበት ቦታ ዛሬ ባዶ ከሆነ አትደንግጡ፣ ትራፊክ ወይም ተራ አስከባሪ ጠይቁ፣ ትንሽ ወደ ፊት ተዛውሮ ይሆናል።

ለዚህ ሳምንት የሚያስፈልጋችሁን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከሰው ሀይል ክፍል የስራ ደብዳቤ ውሰዱ፣ ደሞዛችሁና የቅጥር አይነታችሁ የተጻፈበት፣ ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አከራይ ይጠይቃል። የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣችሁ አውጡ፣ ከመጣችሁበት ወረዳም መሸኛ ሳትይዙ የመጣችሁ ካላችሁ ሰው ልካችሁ አስመጡ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ ስትጠይቁ ይፈለጋል፣ እኔ ለዚህ ብቻ ደሴ ተመልሻለሁ። ቤት አይታችሁ ጥርጣሬ የገባችሁ ካለ ሳትፈርሙ ወረቀቱን አምጡልኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ በደረጃው በኩል ስትወጡ በስተግራ ያለው ቢሮ ነኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አለሁ። ጀሞ፣ መካኒሳና ለቡ አካባቢ ማየት ለምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀሞ አንድ መግቢያው ጋ እንገናኝና አብረን እንዞራለን፣ ሰኞ ጠዋት መንገዱን ለመፈተን ግን ራሳችሁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገኙ።